165 ብር ከ205 ብር ሲወደድ፦ የክር ፕሮፎርማ በኤክሴል ያወዳደርኩበት መንገድ

አምና ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሥራ በሚጣደፍበት ሰዓት፣ ክር አለቀብኝ። ስገዛ በኮን ቁጥር አስልቼ፣ ትንሽም ጨምሬ ነበር። ኮኑ ላይ «5000 ያርድ» ተጽፏል፣ የገዛሁት ደግሞ ካገኘሁት ሁሉ ርካሹን ነው። የጎደለኝ ወደ አንድ አሥረኛ የሚጠጋ ነበር። የቀረውን ከደሴ ሱቅ ለሱቅ እየዞርኩ በችርቻሮ ዋጋ ሞላሁት፤ ቀለሙም ከበፊቱ ጋር ልክ አልገጠመም።

በዚህ ዓመት ግዢውን ለብቻዬ አላደረግሁትም። ሦስት ትንንሽ የስፌት ቤቶች ነን፤ እኔ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ፣ አንዷ ቧንቧ ውሃ፣ አንዱ ደግሞ ኮምቦልቻ። ለወቅቱ የሚያስፈልገንን ደምረን አራት ፕሮፎርማ ሰበሰብን። አንዱ ከአዲስ አበባ መርካቶ ጅምላ ሻጭ፣ አንዱ ኮምቦልቻ መጋዘን ካለው ነጋዴ፣ አንዱ ከቻይና ፋብሪካ፣ አንዱ ከዱባይ። አራቱ በአራት ቋንቋ የተጻፉ ያህል ነበሩ። መርካቶ በኮን፣ በብር፣ ታክስ ሳይጨመር። ኮምቦልቻ በኮን፣ በብር፣ ታክሱም ማድረሻውም ውስጡ ሆኖ። ቻይና በኪሎ፣ በዶላር፣ መርከብ ላይ እስኪጫን ድረስ ብቻ። ዱባይ በካርቶን፣ በድርሃም፣ ኮኑም 5000 ያርድ ሳይሆን 3000 ሜትር።

እነዚህን ወደ አንድ ቁጥር ለማምጣት የሠራሁት የኤክሴል ሰንጠረዥ ትንሽ ነው፤ ስልክ ላይም ጉግል ሺትስ ውስጥ ይሠራል። ክር ለማይገዛ ሰውም ዱቄት፣ ሳሙና ወይም ቆዳ ሲገዛ ስለሚጠቅመው እያንዳንዱን ነገር ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁት እጽፋለሁ። ዋጋዎቹንና ምንዛሪውን ለማስላት እንዲመቹ ክብ አድርጌያቸዋለሁ፤ የራሳችሁን አስገቡ።

መጀመሪያ የወሰንኩት የምናወዳድርበትን መለኪያ ነው። ኮን መለኪያ ሊሆን አይችልም፤ ኮን ዕቃ መያዣ ነው። እኔ የምፈልገው መርፌ ውስጥ የሚያልፈውን ክር ነው። ስለዚህ መለኪያዬ «ደሴ ደጃፌ የደረሰ፣ የተጣራ አንድ ኪሎ ክር ስንት ብር ወጣበት» የሚል ሆነ። የተጣራ ማለት የላስቲኩ ኮን፣ የፕላስቲክ ከረጢቱና ካርቶኑ የሌሉበት።

ኪሎን የመረጥኩት ክብደትና ርዝመት በዚህ ክር ላይ ስለሚተሳሰሩ ነው። እኛ የምንጠቀምበት 40/2 የሚባለው ፖሊስተር ነው፤ 40 ቁጥር የሆኑ ሁለት ፈትሎች አንድ ላይ የተገመዱበት ማለት ነው። የዚህ ክር 1000 ሜትር 29.5 ግራም ገደማ ይመዝናል። 5000 ያርድ ደግሞ 4572 ሜትር ነው። ሲባዛ 135 ግራም ይመጣል። እንግዲህ በእውነት 5000 ያርድ የያዘ ኮን፣ ባዶው ተቀንሶ፣ 135 ግራም አካባቢ ክር ሊኖረው ይገባል። አምና ይህችን ስሌት ባውቃት ኖሮ ነሐሴ ላይ ሱቅ ለሱቅ አልዞርም ነበር።

የወጥ ቤት ሚዛን ለዚህ አይበቃም፤ ጥቂት ግራም ቢሳሳት ነገሩ ሁሉ ይበላሻል። ፒያሳ ያለ ወርቅ ሠሪ ጎረቤቴን የወርቅ ሚዛኑን እንዲያውሰኝ ጠየቅሁት። ከመርካቶው ሻጭ በናሙና የመጣው ኮን ከነላስቲኩ 150 ግራም ሆነ። ክሩን ሌላ ላይ ጠቅልለን ባዶውን ኮን ስንመዝነው 28 ግራም። ክሩ እንግዲህ 122 ግራም ብቻ ነው፤ ወደ ያርድ ሲመለስ 4500 ገደማ። ከ5000ው አንድ አሥረኛ የጎደለ ማለት ነው፤ አምና የጎደለኝም ልክ ያችኑ ያህል ነበር። የኮምቦልቻው ኮን ከነላስቲኩ 172፣ ባዶው 36፣ ክሩ 136 ግራም ሆነ። ባዶው ኮን የከበደው እሱ ነው፣ ክሩም የበዛው እሱ ነው፤ በእጅ ይዞ መገመት ዋጋ የለውም።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ክሩ ከተባለው ቁጥር ቀጥኖ ከሆነ ክብደቱ ቀንሶም ርዝመቱ ሙሉ ሊሆን ይችላል፤ ወፍሮ ከሆነ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። ይህን ለማወቅ ዙሪያው አንድ ሜትር የሆነ ጣውላ ላይ 100 ዙር ጠቅልላችሁ ያችን ብቻ መዝኑ። 2.95 ግራም አካባቢ ከመጣ ክሩ 40/2 ነው። 2.5 ከመጣ ቀጭን ነው፤ ያን ጊዜ በኪሎ ሳይሆን በ1000 ሜትር ማወዳደር ይሻላል፤ ቶሎ ይበጠስ እንደሆነም ማሽን ላይ መሞከር ነው። በእጃችን የነበሩት የሁለቱ አገር ውስጥ ሻጮችና የቻይናው ናሙናዎች ከ2.9 እስከ 3 መካከል ነበሩ፤ ስለዚህ በኪሎ ማወዳደሩ አያሳስትም ብዬ ቀጠልኩ።

አሁን ሰንጠረዡ። ከላይ አራት መስመር ለመነሻ ቁጥሮች ለየሁ። ሴል A1 ላይ ETB፣ ጎኑ B1 ላይ 1። A2 ላይ USD፣ B2 ላይ 150። A3 ላይ AED፣ B3 ላይ 40.84። B4 ላይ የሚያስፈልገን የተጣራ ክር በኪሎ፣ 160። ምንዛሪ የሚጻፈው እዚህ ብቻ ነው፤ ሌላ ቦታ አንድም ሴል ውስጥ 150 የሚል ቁጥር መግባት የለበትም። የእህቴ ልጅ የመጀመሪያውን ሲሠራልኝ በየመስመሩ በእጅ አባዝቶት ነበር፤ ምንዛሪው በተቀየረ ማግስት አንዱ መስመር ታድሶ ሌላው ቀረ፣ ቻይናው በአንድ ቀን የረከሰ መሰለን።

የሚገባው ምንዛሪ ባንኩ ዶላር የሚሸጥበት ነው፣ የሚገዛበት አይደለም፤ እኛ ገዢዎች ነን። ጉግል ሺትስ ምንዛሪን ራሱ የሚያመጣበት መንገድ አለው፤ የሚያመጣው ግን ባንካችን የሚያስከፍለንን የመሸጫ ዋጋ ስላልሆነ በእጄ መጻፉን መረጥኩ። ድርሃም ላይ ሌላም ማረጋገጫ አለ። የኤምሬትስ ድርሃም ከዶላር ጋር በ3.6725 የታሰረ ነው። B2ን ለ3.6725 ብታካፍሉት B3ን መስጠት አለበት፤ 150 ሲካፈል 40.84 ይሆናል። የዱባዩ ሻጭ «በዶላርም መክፈል ትችላላችሁ» ብሎ ሌላ ፕሮፎርማ ላከልን፤ የድርሃሙን ጠቅላላ ለዶላሩ ጠቅላላ ሳካፍለው 3.60 መጣ። በዶላር ብንከፍል ሁለት በመቶ ሳናውቀው እንጨምርለት ነበር።

ከታች፣ ከ8ኛው መስመር ጀምሮ፣ አንድ ሻጭ አንድ መስመር ነው። A የሻጩ ስም፣ B ገንዘቡ፣ C የአንድ ካርቶን ዋጋ በዚያው ገንዘብ፣ D እስከ አገር መግቢያ ያለው የጭነት ክፍያ በዚያው ገንዘብ፣ E የታክስና የኮሚሽን ማባዣ፣ F በአንድ ካርቶን ውስጥ ያለው የተጣራ ክር በኪሎ። G የካርቶን ብዛት፣ H ወደ ብር የተቀየረው ዋጋ፣ I በካርቶን የሚከፈል የአገር ውስጥ ወጪ፣ J ካርቶን በዛም አነሰም አንዴ የሚከፈል ወጪ። K ጠቅላላው፣ L የአንድ ኪሎ ዋጋ። ፎርሙላው ያለው በአራቱ ላይ ብቻ ነው፤ በቅደም ተከተል የG8፣ የH8፣ የK8 እና የL8፦

```
=ROUNDUP($B$4/F8,0)
=(G8*C8+D8)*VLOOKUP(B8,$A$1:$B$3,2,FALSE)*E8
=H8+G8*I8+J8
=K8/(G8*F8)
```

እነዚህን ወደ ታች መጎተት ነው። የመጀመሪያው ROUNDUP የገባው ማንም ሻጭ ካርቶን ገምሶ ስለማይሰጥ ነው። የመጨረሻው ለ160 ሳይሆን በእርግጥ ለሚደርሰን ኪሎ የሚያካፍለውም ለዚህ ነው። VLOOKUP ውስጥ FALSE የሚለውን አትርሱ፤ ካልተጻፈ ኤክሴል የሚቀርበውን ይመርጥና በዶላር ፈንታ ሌላ ምንዛሪ ሊያባዛ ይችላል፣ ስህተቱም አይታይም። FALSE ካለ ግን ETB ብላችሁ ከኋላው ክፍት ቦታ ብትተዉ እንኳ #N/A ብሎ ይጮኻል። የሚጮህ ስህተት ጥሩ ነው።

ሁለቱን የአገር ውስጥ ሻጮች ላሳይ። መርካቶ ኮኑን 165 ብር አለ፤ መቶ ኮን ያለው ካርቶን 16500። ፕሮፎርማው ግርጌ ላይ ታክስ እንዳልተካተተ በትንሹ ተጽፏል፤ ስለዚህ E ላይ 1.15። (ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ሰው የከፈለውን ስለሚያቻችል 1 ይጻፍ፤ እኛ ሦስታችንም ስላልተመዘገብን ለእኛ ወጪ ነው።) F ላይ 122 ግራም በመቶ ኮን፣ 12.2 ኪሎ። ከመርካቶ ማስጫኛ፣ የመኪናው ኪራይ እስከ ደሴ፣ ማውረጃውም ተደምሮ በካርቶን 350 ብር። ሰንጠረዡ 14 ካርቶን ያስፈልጋል አለ፤ ጠቅላላ 270550 ብር፣ በኪሎ 1584።

ኮምቦልቻ ኮኑን 205 ብር አለ። ያችን ቁጥር ሲሰማ የቧንቧ ውሃዋ ጓደኛዬ «እዚሁ አጠገባችን ሆኖ በአርባ ብር ይበልጥ?» ብላ ፕሮፎርማውን አጣጥፋ አስቀመጠችው። ካርቶኑ 20500፣ ታክሱ ውስጡ ስላለ E ላይ 1፣ F ላይ 13.6 ኪሎ። ከአሥር ካርቶን በላይ ለገዛ በራሱ መኪና የሐረጎን ዳገት አውጥቶ ደሴ ያደርሳል፤ I እና J ዜሮ። 12 ካርቶን ይበቃል፤ ጠቅላላ 246000፣ በኪሎ 1507። በኮን 40 ብር የሚወደደው፣ ክር ሆኖ ሲመዘን በኪሎ 77 ብር ረከሰ። ከአርባው ብር 25 የሚጠጋውን የበላው ታክሱ ነው፣ የቀረውን የጎደለው ክርና መኪናው ጨረሱት።

ዜሮ ስል አንድ ነገር ላይ ቆም ልበል፤ እኔ ትልቁ የምለው ስህተት እዚህ ነውና። ኤክሴል ባዶ ሴልን እንደ ዜሮ ይቆጥራል። «ማድረሻ ነፃ ነው» እና «ማድረሻ ስንት እንደሆነ ገና አልጠየቅሁም» ሰንጠረዡ ላይ አንድ ዓይነት ይታያሉ ማለት ነው። በዚህም ምክንያት ብዙ ያልጠየቃችሁት ሻጭ ሁልጊዜ ርካሽ ሆኖ ይወጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። የማታውቁት ወጪ ላይ ጥያቄ ምልክት ጻፉ። በእውነት ነፃ ከሆነ ብቻ 0 ጻፉ። ጥያቄ ምልክት ያለበት መስመር K እና L ላይ #VALUE! ስለሚል መልሱ እስኪመጣ ድረስ ያ ሻጭ ሊያሸንፍ አይችልም። ይህ የሚሠራው ግን በመደመር ምልክት ስትደምሩ ነው። SUM ከተጠቀማችሁ ጥያቄ ምልክቱን ዘሎ የቀረውን ይደምራል፤ ያው ወደ ባዶው ሴል ተመለሳችሁ።

የቻይናው መስመር ለሁለት ሳምንት ጥያቄ ምልክት ለብሶ ነበር። ዋጋው በኪሎ 3.60 ዶላር ነው፤ ወደ ብር 540። ከ1500 ጎን ሲቀመጥ ማንንም ያጓጓል፤ የኮምቦልቻው ባልደረባችን «ተጭበርብረን ነው የኖርነው» አለ። እኔም ለአንድ ቀን አምኜው ነበር።

መጀመሪያ ያጣራነው ኪሎው የምን ኪሎ እንደሆነ ነው። ሻጩ ከነኮኑ መሆኑን ስንጠይቀው ነገረን። የላከው ናሙና ከነላስቲኩ 160፣ ባዶው 30 ግራም ነው፤ ስለዚህ 20 ኪሎ የሚባለው ካርቶን 16.25 ኪሎ ክር ነው የያዘው። ቀጥሎ ዋጋው ኤፍ ኦ ቢ ነው፤ ዕቃው እዚያ ወደብ መርከብ ላይ እስኪወጣ ብቻ። ከዚያ እስከ ጅቡቲ የመርከቡና የመድኑ ለአሥር ካርቶን 310 ዶላር ተባልን። አነስተኛ ዕቃ ከሌሎች ጋር ተዳብሎ ሲጫን ዝቅተኛ ክፍያ ስላለው ጭነቱ በግማሽ ቢቀንስ ክፍያው በግማሽ አይቀንስም።

ቀረጥና ታክሱን በግምት አትሙሉ። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ የሚሠራ ትራንዚተር ጠየቅን፤ የመጀመሪያ ጥያቄው «ክሩ ከአጭር ጭረት የተፈተለ ነው ወይስ ቀጥታ ከወጣ ረጅም ጭረት?» የሚል ነበር። ከአጭር ጭረት የተፈተለው ሰው ሠራሽ የስፌት ክር በጉምሩክ መደብ 5508 ውስጥ ነው፤ ረጅሙ 5401፤ የጥጡ 5204። መደቡ ሲለያይ ቀረጡም ሊለያይ ስለሚችል ፕሮፎርማው ላይ «ክር» ብቻ ተብሎ መጻፉ አይበቃም። ለስሌቱ ሁሉንም አጠቃሎ 45 በመቶ ያዙ አለን። በስሙ የሚያስገባልን አስመጪ 5 በመቶ ይወስዳል። ሁለቱ ተደምረው E ላይ 1.50 ሆኑ። ማባዣው የጭነት ክፍያውንም የሚያባዛው በፎርሙላው ስህተት አይደለም፤ ታክሱ የሚሰላው ጭነትና መድን በተጨመረበት ዋጋ ላይ ነው። ጉምሩክ የኢንቮይሱን ዋጋ ዝቅተኛ ነው ብሎ ካልተቀበለ ደግሞ ከዚህም ይበልጣል።

ከጅቡቲ ኮምቦልቻ ማጓጓዣው፣ የወደብ፣ የትራንዚተር፣ የባንክና ከኮምቦልቻ ደሴ ያለው ሁሉ አንድ ላይ 50500 ብር፣ J ላይ ገባ። ውጤቱ 282250 ብር፤ በኪሎ 1737። 540 ብሎ የተነሳው ኪሎ ደጃፋችን ሲደርስ ከአራቱ ሦስተኛ ሆነ።

እዚህ ላይ ግን ሰንጠረዡን ዘግታችሁ «የውጭ ዕቃ አያዋጣም» እንዳትሉ። B4 ላይ ያለውን 160 ቀይሩት። D እና J በራሳቸው ስለማይቀየሩ ለአዲሱ መጠን ዋጋቸውን እንደገና ጠይቃችሁ አስገቡ። እኛ 325 ኪሎ አልን፤ ይህም 20 ካርቶን ነው። የመርከቡ ከ310 ወደ 350 ዶላር ብቻ ነው ያደገው፣ J ደግሞ ወደ 55500። ኪሎው 1410 ብር ወረደ፤ ከኮምቦልቻው በታች። ዕቃው እጥፍ ሲሆን አንዴ የሚከፈለው እጥፍ ስለማይሆን ነው። በ15 ካርቶን ስንሞክረው 1519 ላይ ቆመ። መሻገሪያው እንግዲህ ከ15 ካርቶን ትንሽ ከፍ ብሎ ነው።

ታዲያ ለምን 20 ካርቶን አላዘዝንም? ሁለት ነገር። አንደኛው K ላይ ያለው ቁጥር ነው፤ 458250 ብር። ክሩ መስከረም ከመጥባቱ በፊት ከምንፈልገው እጥፍ ነው፤ ግማሹ እስከሚቀጥለው ዓመት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ገንዘቡም ዕቃው እስኪደርስ ወራት ታስሮ ይቆያል። ሁለተኛው ምንዛሪው። B2ን ከ150 ወደ 165 ለወጥኩት፤ አሥር በመቶ ማለት ነው። 1410 የነበረው 1534 ሆነ፤ የኮምቦልቻው 1507 እንዳለ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ሲያልፍ ሁላችንም አይተናል፤ አሥር በመቶ የተጋነነ ፍርሃት አይደለም። እርግጥ ዶላር ሲወደድ የአገር ውስጥ ሻጩም ዋጋ ይጨምራል። ልዩነቱ እሱ ዋጋውን ቆርጦ ያስረከበኝ ዕቃ ነገ አይቀየርም፤ የቻይናው ግን ዋጋውን ከተስማማሁበት ቀን እስከምከፍልበት ቀን ድረስ ሊንቀሳቀስ ይችላል። ለዚህም ነው M ላይ ፕሮፎርማው እስከ መቼ እንደሚጸና የምጽፈው። የመርካቶው ሦስት ቀን ብቻ ነበር።

የዱባዩን አላንዛዛውም። 3000 ሜትሩ ኮን 88.6 ግራም ክር ነው የሚሆነው። (ናሙና ስላላገኘን ከርዝመቱ ያሰላሁት ነው፤ ሚዛን ያላየ ቁጥር ስለሆነ ሴሉን ቢጫ አድርጌዋለሁ።) ካርቶኑ 210 ድርሃም፤ በአውሮፕላን ስለሚመጣ ቶሎ ይደርሳል። ያወደደው የካርቶኑ ስፋት ነው። የአየር ጭነት ቀላል ግን ትልቅ ዕቃ ሲሆን የሚታሰበው በእውነተኛው ክብደት ሳይሆን በይዘቱ ነው፤ ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ በሴንቲሜትር ተባዝቶ ለ6000 ይካፈላል። 70 በ45 በ35 የሆነው ካርቶን 12 ኪሎ ይመዝናል፣ የሚከፈልበት ግን 18.4 ኪሎ ነው። ውስጡ ካለው አየር ጋር አብረን ከፍለን ኪሎው 2347 ብር መጣ። ክር በአየር የሚመጣ ዕቃ አይደለም።

ሰንጠረዡ የጠቀመኝ ሌላ ቦታ ደግሞ ድርድር ላይ ነው። መርካቶ ደወልኩና «ወንድሜ፣ ዋጋህ በዛ» አልኩት። «እህቴ፣ በ165 የትም አታገኚም፤ ኮምቦልቻ እኮ 205 ነው የሚሸጠው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ በኮን። ለመወዳደር ስንት መሸጥ እንዳለበት ግን አውቀዋለሁ። የኮምቦልቻውን 1507.35 በ12.2 አባዝቼ፣ የማድረሻውን 350 ቀንሼ፣ ለ1.15 ከዚያም ለመቶ ኮን አካፈልኩ፤ 156.87። በኤክሴል ይህን ሳትቆጥሩ የሚሠራ Goal Seek የሚባል መሣሪያም አለ፤ L 1507.35 እንዲሆን C ስንት ይሁን ብላችሁ ትጠይቁታላችሁ። «156 ካደረግኸው ዛሬ እልካለሁ፤ ኮንህ 122 ግራም ነው የሚይዘው፣ መዝኜዋለሁ» አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ 160 አለ። 160ን በመቶ ኮን አባዝቼ 16000 ብዬ C ላይ ሳስገባው ኪሎው 1537 ሆነ። አመስግኜ ዘጋሁት።

የኮምቦልቻውን ሻጭ፣ ሐጂን፣ ሄደን አገኘናቸው። ዋጋቸውን አልቀነሱም፤ እኔም አልገፋሁም። የጠየቅሁት ሁለት ነገር ነው፤ አሥራ ሁለቱም ካርቶን የአንድ ጊዜ ቀለም ይሁን፣ ስንረከብም ከየካርቶኑ አንድ ኮን እንመዝናለን። «መዝኚ ልጄ፣ ሚዛን የሚጎዳው የሚሸሽ ሰው ነው» አሉኝ።

ካርቶኖቹ ሐሙስ ከሰዓት መጡ። የወርቅ ሚዛኑን ደጃፉ ላይ አስቀምጠን አሥራ ሁለት ኮን መዘንን። ከነላስቲኩ ዝቅተኛው 169፣ ከፍተኛው 174 ግራም ነበር፤ ባዶውን 36 ስንቀንስ አማካዩ ከናሙናው ጋር ገጠመ። አንዱን ካርቶን ስንቆጥረው 98 ኮን ሆነ። ለሐጂ ደወልን፤ በማግስቱ ሁለቱን ኮን በሚኒባስ ላኩ። ሰንጠረዡ ላይ N የሚል አንድ ዓምድ ጨምሬ «ሲደርስ የተመዘነ» አልኩት፤ 13.6 ከሚለው ጎን የአሥራ ሁለቱን አማካይ ጻፍኩበት፣ ለከርሞ ፕሮፎርማ ስንሰበስብ የምንነሳው ከዚያ ነው።